ለለጋሽ የሚላክ የድሮን ናሙና ማመላለሻ ሪፖርት፦ ከበረራው ሳይሆን ከናሙናው ተነስቶ መጻፍ

በገጠር ጤና ጣቢያዎች መካከል የደምና የአክታ ናሙና በድሮን የሚያመላልስ የሙከራ ፕሮጀክት ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ለለጋሹ የሂደት ሪፖርት መላክ አይቀርም። ብዙዎቹ ሪፖርቶች የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ስንት በረራ ተደረገ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተበረረ፣ ከዚያ ሕፃናት ቀና ብለው ድሮኑን ሲያዩ የተነሳ ፎቶ። ለጋሹ ግን ገንዘቡን የሰጠው ድሮን እንዲበር ብሎ አይደለም። ታማሚው ውጤቱን ቶሎ እንዲያገኝ ነው።

በዚህ ዘርፍ በደንብ የሚታወቀው የማላዊ ሙከራ ነው። የማላዊ መንግሥትና ዩኒሴፍ በ2016 እ.ኤ.አ. በዋና ከተማዋ ሊሎንግዌ የሕፃናት ኤችአይቪ ምርመራ የደም ናሙና በድሮን ማጓጓዝን ሞከሩ። የመጀመሪያው በረራ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያኔ ዩኒሴፍ ያወጣው መግለጫ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። ናሙናው ከጤና ጣቢያ ላብራቶሪ እስኪደርስ በአማካይ 11 ቀን፤ ውጤቱ እስኪመለስ ደግሞ እስከ 8 ሳምንት። ድሮን በቀጥታ የሚነካው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ሁለተኛው እንዳለ ከቀረ እናትየዋ ብዙም ለውጥ አታይም። ሪፖርታችሁ ይህን ልዩነት በግልጽ ማሳየት አለበት። እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ከታች የምጠቀምበት ፕሮጀክት ስሌቱን ለማሳየት ያቀናበርኩት ምሳሌ ነው፤ ሦስት ጤና ጣቢያዎች፣ አንድ ሆስፒታል፣ ስድስት ወር።

ደረጃ 1፦ ውሉን እንደገና አንብቡ

ከመጻፋችሁ በፊት የፈረማችሁትን ስምምነት አውጡና ቃል የገባችኋቸውን መለኪያዎች ለብቻ ጻፉ። ውሉ ላይ "ናሙና ከተወሰደበት እስከ ውጤት" የሚል መለኪያ ካለና እናንተ "ከመነሳት እስከ ማረፍ" ያለውን ብቻ ሪፖርት ካደረጋችሁ፣ ያነበበው ሰው ወዲያው ያውቃል። መለኪያ መቀየር ካስፈለገ የድሮውንም የአዲሱንም ቁጥር አስቀምጡና ለምን እንደተቀየረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

ደረጃ 2፦ መዝገቦቹን ሰብስቡ፣ ሰዓታቸውን አስታርቁ

አራት ምንጭ ያስፈልጋችኋል፦ የጤና ጣቢያው የናሙና መዝገብ፣ የድሮኑ የበረራ መዝገብ፣ የሆስፒታሉ ላብራቶሪ መቀበያ መዝገብና ውጤት ለታማሚው የተሰጠበት መዝገብ። አራቱን የሚያገናኘው የናሙናው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በአንዱ ላይ ካልተጻፈ ያ ናሙና ከስሌቱ ይወጣል። ስንት ናሙና በዚህ ምክንያት እንደወጣ ሪፖርቱ ላይ መታየት አለበት።

እኛ አገር ላይ ትልቁ ጣጣ ሰዓት ነው። የድሮኑ ሶፍትዌር በአብዛኛው የሚመዘግበው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ `07:15:00Z` ካላችሁ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡15 ማለት ነው። ለቀን በረራ ቀላሉ መንገድ ከግሪንዊቹ ላይ 3 መቀነስ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ያለችው ነርስ በሀበሻ ሰዓት ትጽፋለች። ላብራቶሪው ኮምፒውተር ካለው ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ይመዘግባል።

ስህተቱን እንዴት ታውቁታላችሁ? ናሙናው ከተወሰደበት እስከ በረራው ያለውን ጊዜ አስሉና ከዜሮ በታች የወጡትን ለዩ። መዝገቡ "8፡20 ተወሰደ" ብሎ ድሮኑ በዚያው ቀን 4፡15 ላይ ከተነሳ፣ ነርሷ የጻፈችው የስልኳን ሰዓት ነው ማለት ነው። በሀበሻ 2፡20 መሆኑ ነው፤ አሁን ስሌቱ ይገጥማል። ግን በግምት አታስተካክሉ። ወደ ጤና ጣቢያው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ያስተካከላችሁትንም በሌላ ቀለም ምልክት አድርጉበት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። "10/5/2016" የሚለው በእኛ ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ለጋሹ ግን ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ የሚቀድም የሜይ ቀን አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በዋናው ሰንጠረዥ ሁለቱንም አቆጣጠር በተለያየ አምድ አስቀምጡ። የሪፖርቱ ጊዜም "ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ" ብቻ ተብሎ አይተው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የለጋሹ ሌላ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ አንድ ናሙና ከእጅ እስከ እጅ ተከተሉ

የሪፖርቱ ልብ ይሄ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። አማካይ ቁጥር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ናሙና ምረጡና ጉዞውን በሙሉ ጻፉ። የፈጠነውን ወይም የዘገየውን አትምረጡ። እንደ አብዛኞቹ የሆነውን ውሰዱ።

በምሳሌያችን ለቲቢ ምርመራ የተሰጠ አክታ እንከተል። ታማሚው ሰኞ ጠዋት 2፡40 ላይ አክታውን ሰጠ። ኩባያው በደንብ ተከድኖ፣ ስያሜ ተለጥፎበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። ድሮኑ ማክሰኞ 4፡15 ተነስቶ 4፡37 ሆስፒታሉ ግቢ አረፈ። ላብራቶሪው 5፡30 ላይ መዘገበው። ጂን ኤክስፐርት ማሽን ላይ የገባው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ማሽኑ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውጤት ሰጠ። ከዚያ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሰኞ የአምቡላንስ ሹፌር ይዞት መጣ። ታማሚው ማክሰኞ ተጠርቶ ውጤቱን ሰማ።

ከሰኞ እስከ ቀጣዩ ማክሰኞ፣ ስምንት ቀን። ከዚያ ውስጥ አየር ላይ ያለፈው 22 ደቂቃ ነው።

አሁን ይህን ጉዞ አራት ቦታ ቁረጡት፦ ከመወሰድ እስከ መነሳት፣ ከመነሳት እስከ መድረስ፣ ከመድረስ እስከ ውጤት፣ ከውጤት እስከ ታማሚው። ለእያንዳንዱ ክፍል የሁሉንም ናሙናዎች ጊዜ በቅደም ተከተል ደርድሩና መሃል ላይ ያለውን ቁጥር ውሰዱ። ተራ አማካይ አይሆንም። አንድ ናሙና 40 ቀን ከጠፋ አማካዩን ይጎትተዋል፤ የመሃሉ ቁጥር ግን አይነቃነቅም። ከጎኑ በጣም የዘገዩትንም አሳዩ፤ ከአሥሩ ናሙና ዘጠኙ በስንት ቀን ውስጥ ደረሱ የሚለው በቂ ነው።

በምሳሌያችን ከድሮኑ በፊት የነበረው ይህ ነው እንበል፦ መነሳትን መጠበቅ 4 ቀን፣ በሞተርሳይክል ጉዞ 2 ሰዓት፣ ላብራቶሪ 1 ቀን፣ ውጤት መመለስ 6 ቀን። ድሮኑ ከገባ በኋላ ደግሞ መጠበቅ 1 ቀን፣ ጉዞ 22 ደቂቃ፣ ላብራቶሪ 1 ቀን፣ ውጤት መመለስ 6 ቀን ሆነ። አራቱን ደምራችሁ ጠቅላላ ጊዜ አታውጡ። የመሃል ቁጥሮች ሲደመሩ የጠቅላላውን የመሃል ቁጥር አይሰጡም። ጠቅላላውን ከእያንዳንዱ ናሙና መነሻና መድረሻ ለብቻው አስሉት።

እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው ሁለት ነገር ያነባል። አንደኛ፣ ትልቁ ትርፍ የመጣው ከድሮኑ ፍጥነት አይደለም። ሞተርሳይክሉ በሳምንት አንዴ ብቻ ይመጣ ስለነበር ናሙናው ጤና ጣቢያ ተኝቶ ይከርም ነበር፤ ድሮኑ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ ያ ቀረ። እዚህ ላይ ለጋሹ የሚጠይቀውን እናንተው ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ሞተርሳይክሉም ቶሎ ቶሎ ቢመጣስ? መልሱን የሚሰጠው ወቅት ነው። መረጃውን በክረምትና በበጋ ለያዩት። በበጋ ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ በክረምት ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲቆረጥ ከሰፋ፣ ድሮኑ የሚያስፈልገው መቼና የት እንደሆነ አወቃችሁ ማለት ነው። ይህ ከየትኛውም ውዳሴ የበለጠ ለለጋሹ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛ፣ ውጤት መመለሻው 6 ቀን እንዳለ ነው። የማላዊው ቁጥር የሚያመለክተው ችግር እዚህም አለ። ድሮኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመለስ ባዶውን ከሆነ፣ የውጤት ወረቀትና አዲስ የናሙና ኩባያ ይዞ እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል። ወይም ላብራቶሪው ውጤቱን በስልክ ያሳውቅ። ለሚቀጥለው ጊዜ የምታቀርቡት የሥራ ለውጥ ከዚህ ይመነጫል።

ደረጃ 4፦ ያልተበረሩትንም ቁጠሩ

"61 የተሳካ በረራ" ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ከስንት? ታቅደው የነበሩት 96 ከሆኑ 35ቱ አልተበረሩም። ለእያንዳንዱ አንድ ዋና ምክንያት ስጡ። በምሳሌያችን 16 በንፋስና ዝናብ፣ 9 የበረራ ፈቃድ በሰዓቱ ባለመድረሱ፣ 4 በባትሪና በመሣሪያ ችግር፣ 6 ደግሞ የሚጫን ናሙና ስላልነበረ። ስለዚህ የተፈጸመው 64 በመቶ ነው። ናሙና ያልነበረባቸውን አውጥታችሁ ከ90 ብታሰሉት 68 ይሆናል። ሁለተኛውን መጻፍ ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያው ሳይደበቅ ነው።

ምክንያቶቹ እኩል አይደሉም። ፈቃድ የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ከሲቪል አቪዬሽንና ከጸጥታ አካላት ጋር ቋሚ የበረራ መስመር ላይ በመስማማት ሊቃለል ይችላል። አየር ሁኔታ ግን ድርድር አያውቅም። ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ2500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። የድሮኑ ክንፍ ወይም ማራገቢያ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ ይደክማል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። አምራቹ የጻፈው ርቀት በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ከሆነ፣ እናንተ ያገኛችሁትን ርቀት ከከፍታው ጋር አብራችሁ ጻፉ።

ድሮኑ ባልተነሳባቸው ቀናት ናሙናዎቹ ምን ሆኑ? በሞተርሳይክል ከሄዱ፣ ጊዜያቸው በደረጃ 3 ስሌት ውስጥ መግባት አለበት። ጤና ጣቢያው የሚያገኘው አገልግሎት ድሮኑ የበረረባቸው ቀናት ብቻ አይደለም። መጥፎውን ቀን አውጥቶ ማስላት የሚያሳየው ጥሩ አየር የነበረበትን ቀን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ናሙናው ደህና ደረሰ ወይ?

በ2017 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የአሪዞና በረሃ ላይ የደም ናሙናዎችን 258 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ያህል በድሮን አበረሩ። ተመሳሳይ ናሙናዎችን ደግሞ መሬት ላይ አቆዩ። ከ19 ምርመራዎች በ17ቱ ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። የተለያዩት ግሉኮስና ፖታሲየም ናቸው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከበረራው ጋር አላያያዙትም። መሬት ላይ የቀሩት ናሙናዎች የድሮኑን ያህል ስላልቀዘቀዙ ነው አሉ።

ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት፣ የሙቀት መመዝገቢያ ሳጥኑ ውስጥ መኖር አለበት የሚል ነው። በረራው 22 ደቂቃ ቢሆንም ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ለጭነት ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መመዝገቢያው የሚጀምረው ናሙናው ከማቀዝቀዣ ሲወጣ፣ የሚቆመው ላብራቶሪው ሲረከበው ይሁን። ፈሳሹ ከሴሎቹ ያልተለየ ደም ውስጥ ሴሎቹ ግሉኮሱን እየበሉት ይሄዳሉ፤ ቀይ የደም ሴል ሲፈነዳ ደግሞ ፖታሲየም ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ስለዚህ እነዚህን ምርመራዎች የምትልኩ ከሆነ ከሌሎቹ ለይታችሁ ሪፖርት አድርጉ።

ላብራቶሪው ውድቅ ያደረጋቸውን ናሙናዎች ስትዘረዝሩ ምክንያቱን ለዩ። ስያሜ የሌለው ቱቦ ወይም ያልተሞላ ፎርም የድሮኑ ጥፋት አይደለም። የፈሰሰ ኩባያ፣ የረጋ ወይም ቀይ የደም ሴሉ የፈነዳ ደም ግን ከአያያዝና ከጉዞ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ንጽጽሩም በዚያው ወቅት በሞተርሳይክል ከመጡ ተመሳሳይ ናሙናዎች ጋር ይሁን። ለማነጻጸር ብላችሁ ከታማሚ ሁለተኛ ቱቦ ደም መውሰድ ካሰባችሁ ያ ምርምር ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የታማሚው ስምምነት ሳይኖር አይደረግም።

ደረጃ 6፦ ወጪው በናሙና

የመነሻ ወጪና የወር ወጪ ይለያዩ። ድሮኑ፣ ማረፊያው፣ የኦፕሬተሮች ሥልጠና መነሻ ነው። ደመወዝ፣ ባትሪ መተካት፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስ በየወሩ ይመጣል። በምሳሌያችን የወሩ ወጪ 90,000 ብር፣ የተጓጓዘው 150 ናሙና ከሆነ፣ በናሙና 600 ብር ነው። ሞተርሳይክሉ ለዚያው 150 ናሙና 24,000 ብር ቢፈጅ 160 ብር ይሆናል። ድሮኑ ውድ ነው፤ እንዲሁ ጻፉት። ከዚያ ቀጥሎ ናሙናው ቢበዛ ምን እንደሚሆን አሳዩ። የወሩ ወጪ ሳይለወጥ 300 ናሙና ቢጫን ወደ 300 ብር ይወርዳል። ያን ያህል ናሙና ከአካባቢው ይገኛል ወይ ለሚለው ግን መልስ ያስፈልጋል። የጤና ጣቢያዎቹን የቀድሞ የናሙና ብዛት አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ አደጋና መሰናክል

የስዊዝ ፖስታ በሆስፒታሎች መካከል የላብራቶሪ ናሙና በድሮን ያመላልስ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ ሁለት ድሮኖች ወደቁ። የመጀመሪያው በፓራሹት ሐይቅ ውስጥ አረፈ። የሁለተኛው የፓራሹት ገመድ ተበጥሶ ሕፃናት በሚጫወቱበት አካባቢ ጫካ ውስጥ ተከሰከሰ። አገልግሎቱ ቆመ፤ የአገሪቱ የአደጋ መርማሪ አካልም ጉዳዩን መረመረ። ሀብታም አገር ውስጥ፣ በጥንቃቄ በሚሠራበት ቦታ ይህ ከሆነ፣ እናንተም ጋ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ እንዴት እንደሚነግረው ነው ጉዳዩ።

"አነስተኛ የቴክኒክ ችግር አጋጥሞ ተፈቷል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። በእሱ ፋንታ እንዲህ ዓይነት ነገር ይጻፍ፦ "ድሮኑ በጠንካራ ንፋስ ምክንያት ባትሪው ወርዶ ከሆስፒታሉ 3 ኪሎ ሜትር ሲቀረው የእርሻ ማሳ ላይ በራሱ አረፈ። ሰው አልተጎዳም። ሳጥኑ አልተከፈተም። ኦፕሬተሩና የላብራቶሪ ባለሙያው በ50 ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ከ7ቱ ናሙና 5ቱ ተመርምረዋል፤ የ2ቱ ታማሚዎች ተጠርተው እንደገና ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የንፋሱ ገደብ ዝቅ ተደርጓል።" ሰው፣ ናሙና፣ ታማሚ፣ ለውጥ። የታማሚዎቹ ጉዳይ በብዛት የሚረሳ ነው። ማሳው የገበሬ ከሆነ ካሳ መከፈሉም ይገለጽ። ሳጥኑ ቢከፈት ተላላፊ በሽታ ያለበት ናሙና መሆኑን የአካባቢው ሰው ያውቃል ወይ? ሳጥኑ ላይ በአካባቢው ቋንቋ "አትክፈቱ፣ በዚህ ስልክ ደውሉ" የሚል ጽሑፍ መኖሩንም አብራችሁ ግለጹ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ይጻፋል

የለጋሹ ቢሮ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያነበው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ስሌቱ ሁሉ ሲያልቅ ጻፉት። አራት አንቀጽ ይበቃዋል። ምሳሌው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦

"በስድስት ወር ከታቀዱ 96 በረራዎች 61 ተፈጽመዋል። ናሙና ጤና ጣቢያ የሚቆይበት ጊዜ ከ4 ቀን ወደ 1 ቀን ወርዷል። ውጤት ወደ ታማሚው የሚመለስበት ጊዜ ግን 6 ቀን እንደሆነ ቀጥሏል። ስለዚህ በቀጣዩ ጊዜ አዲስ መስመር አንጨምርም። ድሮኑ የውጤት ወረቀት ይዞ እንዲመለስ እናደርጋለን፤ ለዚህም ከሥልጠና በጀት የተረፈውን ወደ ላብራቶሪ ጸሐፊ ደመወዝ እንድናዛውር ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን።"

ጥያቄው ግልጽ መሆኑን አስተውሉ። "ድጋፋችሁ እንዲቀጥል እንጠይቃለን" ከማለት ይልቅ፣ ከየት ወደ የት ገንዘብ እንደሚዛወርና ለምን እንደሆነ ይናገራል። የለጋሹ ሠራተኛ አዎ ወይም አይ ማለት ይችላል።

ከመላካችሁ በፊት አባሪውን አንዴ ፈትሹ። የናሙናዎቹ ሰንጠረዥ ከጤና ጣቢያ መዝገብ የተቀዳ ስለሆነ የታማሚ ስም፣ ስልክ ወይም ቀበሌ ሊገኝበት ይችላል። አምዶቹን መደበቅ አይበቃም፤ ይሰረዙ። የድሮ ቅጂ ውስጥ እንዳይቀር ንጹሑን ሰንጠረዥ አዲስ ፋይል ላይ ገልብጡ። በአንዲት ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታና የምርመራው ቀን አንድ ላይ ከተጻፉ ስም ባይኖርም ሰውየው ሊታወቅ ይችላል። ዕድሜውን በአሥር ዓመት ክልል አድርጉት፤ ቀኑን በሳምንት ተኩ። ዋናው መዝገብ ጤና ጣቢያው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ።